ባልደረባዬ «ላክሁ» ብሎ ጻፈ፣ እኔ «ላኩ» አደረግኩት፤ መተው ነበረብኝ?

ስለ አማርኛ ጽሑፍ የምንነጋገርበት መድረክ ላይ ባለፈው ሳምንት አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። መልሱ ከጠበቅኩት በላይ ረዘመ። መሀል ላይ የገባ ሰው ክሩ ስለሚጠፋበት እዚህ በቅደም ተከተል ልተርከው። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ያሉትን በራሴ አነጋገር ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ የእኔ ጥያቄ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ፤ ያደገው ምሥራቅ ጎጃም ነው። ጥሩ አድርጎ ይጽፋል። ለሌላ መሥሪያ ቤት የግዥ ኃላፊ የሚላክ ኢሜይል አዘጋጀና «ስህተት ካለው ብቻ እዪልኝ» አለኝ። «ብቻ» የሚለውን ቃል አስተውሉልኝ፤ ጥያቄዬ በሙሉ ከእሷ ነው የሚመጣው። ኢሜይሉ ይህ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። የሥልጠናውን ሰነድ ትናንት ላክሁ። ሦስት ገጽ ቀርቶ ስለነበር እሱንም ዛሬ ጨምሬያለሁ። የሠለጠኑት መምህራኖች በሙሉ ፈርመዋል። እንደ ሚያውቁት ክፍያው የሚፈጸመው ሰነዱ ሲሟላ ነው። ስህተት ቢገኝበት ይታረም ዘንድ ቶሎ ያሳውቁኝ። የዛሬ ሳምንቱን ስብሰባ በተመለከተም አስተያየትዎን እጠብቃለሁ። ሲደርስዎ በዚሁ አድራሻ መልስልኝ።»

እኔ ሰባት ቦታ ነካሁ። «ላክሁ» የሚለውን «ላኩ» አልኩት። «ሦስት ገጽ ቀርቶ» የነበረውን «ሦስት ገጾች ቀርተው» አደረግኩና «እሱንም» የሚለውን «እነሱንም» አልኩት። «መምህራኖች» ወደ «መምህራን» ተለወጠ። «እንደ ሚያውቁት» ተገጠመ። «ይታረም ዘንድ» ወደ «እንዲታረም»፣ «የዛሬ ሳምንቱን ስብሰባ» ወደ «የሚቀጥለውን ሳምንት ስብሰባ»፣ «መልስልኝ» ደግሞ ወደ «ይመልሱልኝ»። ልጁ ቸኩሎ ስለነበር ሳያየው ላከው።

በማግስቱ መልስ መጣ። ኃላፊው ሰነዱን የላኩት እነማን እንደሆኑ ጠየቁ። «ላኩ» ሲል ሌላ ክፍል የላከው መስሏቸው የሌሎች ሰዎችን ኢሜይል ሲፈልጉ ውለዋል። ባልደረባዬ አልተቆጣም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ እኮ ላክሁ ነበር ያልሁት» አለኝ፣ በቃ። ያቺ ንግግሩ ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣችም። ስለዚህ ጠየቅኩ። ከለመድኩት የተለየ ግን ስህተት ያልሆነ አነጋገር ሲገጥመኝ ልተወው እንደሚገባ በምን ልወቅ?

1። የመጀመሪያዋ መልስ ሰጪ ለብዙ ዓመት ጸሐፊ ሆና የሠራች ሴት ነች። በትሕትና ነው የጻፈችው። እሷ እጇን ከማንሳቷ በፊት ስህተቱን በስሙ መጥራት እንደምትችል ራሷን ትጠይቃለች። የቁጥር አለመስማማት ነው? የተበጠሰ ቃል ነው? አንተና አንቱ ተቀላቅሏል? ስም ካገኘችለት ታርመዋለች። ጆሮዋን ስለቆረቆራት ብቻ ከሆነ ትተወዋለች። ቢሆንም «ይታረም ዘንድ» የሚለውን እሷም ትቀይረው እንደነበር አልደበቀችም፤ የድሮ አቤቱታ ይመስላታል።

2። ሁለተኛው የአንድ ድርጅት የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ነው። ቀጥ ብሎ ገባ። በእሱ እምነት የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ አንድ መልክ ሊኖረው ይገባል። «ላክሁ» የገጠር አነጋገር ስለሆነ መለወጡ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ የተለወጠበት ፊደል ብቻ ነው። ቁጥር ካለ ስሙ መብዛት እንዳለበትም በትምህርት ቤት የተማርነው ነው አለ። አንድ ነጥብ ግን አነሳ፣ እሷ ልቤ ውስጥ ቀረች። «ላክሁ» በስልክ ስክሪን ላይ በፍጥነት ሲነበብ «ላክህ» ሊመስል ይችላል። ያኔ እኔ ላክሁ ያለው ሰው አንተ ላክህ ያለ ሊመስል ነው።

3። ሦስተኛው ሰው ጥያቄዬን በሌላ መንገድ ተረዳው። አለቃን እንዴት እናርም ብዬ የጠየቅኩ መሰለው። የራሱ አለቃ የሥራ ማመልከቻውን በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች እንደሞሉበትና አንድ ሳምንት ሙሉ ፊታቸውን ማየት እንደከበደው ጻፈ። ከነገራችን ባይገጥምም ቀይ እስክሪብቶ ሰው ላይ የሚያደርሰውን አስታወሰኝ።

4። አራተኛው መልስ የጋሼ ነው። ጋሼ የምንላቸው መድረኩ ላይ ሁሉም የሚያከብራቸው፣ ጋዜጣ ቤት ውስጥ በአራሚነት ያረጁ ሰው ናቸው። ረጅም ጻፉ፤ እኔም ጊዜ ሰጥቼ ልተርከው፣ ምክንያቱም የነገሩ ሥር እሱ ነው።

እሳቸው እንደሚያስረዱት «እኔ» ብለን ያለፈ ነገር ስንናገር የግሱ መጨረሻ ሁለት መልክ አለው፣ «ሁ» እና «ኩ»። አዲስ አበባ ላይ «ጻፍኩ፣ ደረስኩ፣ ሰበርኩ» ይባላል። ጎጃምና ጎንደር «ጻፍሁ፣ ደረስሁ፣ ሰበርሁ» ይላል፤ በዕድሜ የገፉ ጽሑፎችም በዚሁ መልክ ሞልተዋል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ደግሞም «ሁ» ለአዲስ አበባ ሰው ባዕድ አይደለም። «መጣሁ፣ ሰማሁ፣ በላሁ» የማይል የለም። ባልደረባዬ ያደረገው ይህንኑ «ሁ» በሁሉም ግስ ላይ ማስቀጠል ብቻ ነው።

ቀጥለው ወደ «ላከ» መጡ። ይህ ግስ ራሱ በ«ክ» ነው የሚያልቀው። «ኩ» ሲጨመርበት ሁለት ከ ይገናኛሉ። በአፍ ስንናገረው ጠብቆ ይሰማል፣ ስለዚህ እኔ የላክኩትና እነሱ የላኩት አይምታቱም። ፊደላችን ግን መጥበቅን አያሳይም። «ላክኩ» ብሎ ሁለቱንም የሚጽፍ አለ፣ እንደ እኔ አንዱን ውጦ «ላኩ» የሚልም አለ። «ላኩ» ሲጻፍ ደግሞ እነሱ ላኩ ይሆናል፣ ወይም አንድ የተከበሩ ሰው ላኩ። ኃላፊው የተረዱት ይህንኑ ነው። «ሰበከ»፣ «ባረከ»፣ «ማረከ» ላይም ያው ችግር እንዳለ ጨመሩ። የባልደረባዬ «ላክሁ» ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነበረ። እንግዳ የመሰለኝ አጻጻፍ ከእኔው ይልቅ ግልጽ ነበረ ማለት ነው።

ለሁለተኛው ሰው ነጥብም መልስ ሰጡ። «ላክህ» ሊመስል መቻሉን አልካዱም። ነገር ግን ኢሜይሉ ውስጥ «ያሳውቁኝ» እና «አስተያየትዎን» አለ። አንባቢው በአንቱታ እየተጠራ ስለሆነ «አንተ ላክህ» የሚል ሐሳብ አይመጣበትም። አራሚ ቃሉን ብቻውን ሳይሆን ከጎረቤቶቹ ጋር ማንበብ አለበት አሉ። «ይታረም ዘንድ» ላይ ብዙ አልቆዩም። እንዲታረም ማለት ነው፣ ማንም አንባቢ አይሳሳተውም፤ ጸሐፊው ትንሽ ከፍ ያለ አክብሮት ፈልጎበት ሊሆን ስለሚችል ያንን ከእሱ መንጠቅ የአራሚ ሥራ አይደለም።

5 እና 6። አንድ ወጣት ተማሪ በሐቀኝነት አንድ ነገር ጠየቀ። እሱና ጓደኞቹ በመልእክት ሲጻጻፉ «መጣው»፣ «ሰማው» ነው የሚሉት፣ እኔ መጣሁ ለማለት። ሁሉም ሰው እንደዚያ ስለሚጽፍ ይህስ ይተዋል ወይ? ጋሼ አይተውም አሉ። «ሰማው» ማለት እሱ ያንን ነገር ሰማው ማለት ነውና ትርጉሙ ይዞራል። እዚህ ላይ ነው ለእኔ ብዙ ነገር የበራልኝ። «ሰማው» በየቀኑ ስለማየው ዓይኔ ያልፈዋል፣ ስህተት ግን እሱ ነው። «ላክሁ» አልፎ አልፎ ስለማየው ዓይኔ ይያዝበታል፣ ትክክሉ ግን እሱ ነው። ዓይኔ የሚያዘው በብርቅነት እንጂ በስህተት አይደለም።

7 እና 8። የኮሙኒኬሽን ባለሙያው ተመልሶ መጣ። ስለ «ላክሁ» ዝም አለ፤ «ሦስት ገጽ» ላይ ግን አልለቅም አለ። ሦስት ከሆኑ ገጾች ናቸው። ለዚህ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ መለሰችለት። ስትሠራ የምትውለው ከአሥር ብር፣ ከመቶ ብር ጋር እንደሆነ፣ ደመወዙን አሥር ሺህ ብሮች ብሎ የሚጠራ ሰው አይታ እንደማታውቅ ጻፈች። ሁለት ኪሎ፣ አምስት ቀን፣ ስድስት ወንበር ይባላል። ቁጥሩ ራሱ ብዛቱን ስለሚናገር ስሙ በነጠላ መቆየት ይችላል፤ «ገጾች» ማለትም አይከለከልም።

ጋሼ ከስር አንዲት ነገር ብቻ ጨመሩላት፣ እኔ ግን ዋናዋ እሷ ትመስለኛለች። ያለፍላጎት የተነካ ቃል ጎረቤቱን ይጎትታል። «ገጽ» ነጠላ ስለሆነ «ቀርቶ» ነጠላ ነው፣ «እሱንም» ነጠላ ነው። ሦስቱ ተስማምተው ተቀምጠው ነበር። እኔ አንዱን ስለነካሁ ሦስቱንም መቀየር ግድ ሆነብኝ። ከሦስቱ አንዷን ረስቼ ቢሆን ኖሮ ትክክል የነበረ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስህተት እተክል ነበር። አንድ ለውጥ ሌላ ለውጥ እየጠራ ከሄደ ቆም ብሎ መጀመሪያውኑ ስህተት ነበረ ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል አሉ።

9 እና 10። እዚህ ድምፁ ተለወጠ። ከደብረ ማርቆስ የጻፈ የአማርኛ መምህር «የገጠር» የምትለዋን ቃል አንብቦ ተናደደ። «ሁ» የሚል ሁሉ ገጠሬ ከተባለ እሱ ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያስተምረው በምንድን ነው? ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ በአነጋገራቸው እየተሳቀባቸው ቤት ተመልሰው እንደሚያወሩትም ጻፈ። ቃሉ ሹል ነበረ፣ ግን ያመመው ሰው ቃል ነው። የኮሙኒኬሽን ባለሙያው ለማስቀየም እንዳልሆነ ገልጾ «የገጠር» ያለውን ወደ «የአካባቢ» ለወጠው። መምህሩ ይህንንም አልተቀበለም። «ኩ»ም የአንድ አካባቢ ነው፣ የአዲስ አበባ። ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ፣ አልታረቁም።

11። ከቨርጂኒያ የጻፈችው እህታችን ለትምህርት ቤቶችና ለክሊኒኮች ማስታወቂያ ወደ አማርኛ የምትመልስ ባለሙያ ነች። እስካሁን ማንም ያልነካውን ቦታ ነካች፣ «የዛሬ ሳምንት» የሚለውን።

ይህ አነጋገር ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሄዳል። የዛሬ ሳምንት እንገናኝ ሲባል ገና የሚመጣ ነው። የዛሬ ሳምንት መጥቶ ነበር ሲባል ያለፈ ነው። የሚለየው ግሱ ነው። ባልደረባዬ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን «ስብሰባ» እንጂ የስብሰባውን ጊዜ የሚናገር ግስ የለም። «አስተያየትዎን እጠብቃለሁ» ላለፈ ስብሰባም ለሚመጣም ይሆናል። እንግዲህ እኔ «የሚቀጥለውን ሳምንት» ያልኩት በምን አውቄ ነው? የጠየቀችኝ ይህን ነበር፣ በጨዋነት፣ ግን አላለፈችኝም።

የራሷንም ነገረችን። አንድ ጊዜ ጓደኛዋ ያዘጋጀችው የክትባት ማስታወቂያ ላይ «የዛሬ ሳምንት» የሚል ነበር። አነጋገሩ ምንም ስህተት ስላልነበረው አለፈችው። ወረቀቱ ግን የተለጠፈው ከተጻፈ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። እናቶች ከተለጠፈበት ቀን ቆጥረው መጡ፣ ክትባቱ አልፏል። ከዚያ ወዲህ ትክክል ግን ሁለት ትርጉም ያለው ነገር ስታይ እንዳለ አትተወውም፣ እሷም በግምት አትለውጠውም። ለጻፈው ሰው ጥያቄ ትልካለች፣ ቀኑ ስንት ነው ብላ። ቀን ሲነገራትም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ምክንያቱም እዚያ ያለ አንባቢ ሁለቱንም ይጠቀማል።

12። አሥራ ሁለተኛው የእኔ ነው። ተነስቼ ለባልደረባዬ ደወልኩ። ስብሰባው ያለፈ ነበር! ባለፈው ሐሙስ ተሰብስበው ነበር፣ እሱ የሚጠብቀው በቃለ ጉባኤው ላይ የኃላፊውን አስተያየት ነው። እኔ ግን በእሱ ስም፣ በእሱ አድራሻ፣ ያልተጠራ ስብሰባ ጠራሁ። «ላኩ» ቢያንስ ጥያቄ አስነሳ፣ ቶሎ ተያዘ። ይህኛው ጥርት ያለ አማርኛ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረውም። ይህን መድረኩ ላይ ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር፣ አሁንም ይከብደኛል። ባልደረባዬ ለኃላፊው ወዲያው ደወለላቸው፤ እሳቸውም የትኛው ስብሰባ እንደሆነ ግራ ገብቷቸው አጀንዳቸውን ሲያገላብጡ ነበር።

13 እና 14። የቋንቋ ጥናት ተማሪ የሆነች ልጅ ከባድ ጥያቄ አመጣች። «መምህራን» ከግእዝ የመጣ ብዙ ቁጥር ነው፣ «ኦች» ሲጨመርበት ሁለቴ በዛ ይባላል። ይሁንና «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች» የሚል ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። ለ«ላክሁ» ሰዎች እንዲህ ይናገራሉ ብለን ከተከራከርንለት ለ«መምህራኖች»ስ ለምን አንከራከርም? ግእዝ የማያውቅ ተናጋሪ «መምህራን» የሚለውን እንደ ብዙ ቁጥር ካልሰማው፣ የራሱን ማብዣ ቢጨምርበት ምኑ ጥፋት ነው?

ጋሼ አከበሩላት፣ ግን አልተስማሙም። እሳቸው የሚያዩት አንባቢውን ነው። «ላክሁ» ያነበበ ሰው ጸሐፊው ጎጃሜ ነው ይል ይሆናል። «መምህራኖች» ያነበበ የግዥ ኃላፊ ግን ጸሐፊው አልተማረም ሊል ይችላል፣ ባልደረባዬም እዪልኝ ሲል የፈራው ይህንኑ ነው። ልጅቷ መልሳ ጻፈች። አንባቢ ምን ይላል የሚለው መለኪያ ከሆነ «ላክሁ»ንም የገጠር ነው ያለ አንባቢ እዚሁ ክር ላይ አይተናል፤ እና ያ መለኪያ ሁለቱን አይለይም። ለዚህ ጋሼ የሰጡት መልስ እኔን ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም። «መምህራን» ማረሜን ግን አልጸጸትበትም። ለምን እንደማልጸጸት ጥርት አድርጌ መናገር አልቻልኩም እንጂ።

ከ15 እስከ 19። አንድ ሰው ደግሞ «ስህተት» የሚለው ቃል በሐመሩ ሐ «ስሕተት» ተብሎ መጻፍ ሲገባው ማናችንም አለማየታችን አሳፋሪ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ሀና ሐ፣ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ፣ ፊደል ይቀነስ፣ ፊደል አይቀነስ። ሁለት ሰዎች ተሰዳደቡ፣ የአንዱ መልስ ተነሣ። ከዚህ ሁሉ ለጥያቄዬ የጠቀመኝ የጋሼ ሁለት መስመር ነው። በእንዲህ ያለ ቀላል እርማት አንድ ቃል በአንድ ኢሜይል ውስጥ በሁለት ዓይነት ፊደል ከተጻፈ አንዱን አስይዝ። አንድ ጊዜ ብቻ ከመጣ ተወው። «ስህተት» የመጣው አንድ ጊዜ ነው።

20። መምህሩ ከደብረ ማርቆስ ተመለሰ፣ አሁን ረጋ ብሎ። መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ያለውን የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት አነሳ፣ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን። የመጽሐፉ ርዕስ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። «የአማርኛ» ሳይሆን «ያማርኛ»፣ «ዐዲስ»ም በዐይኑ ዐ። ዛሬ ይህ ርዕስ ለአንዳችን በኢሜይል ቢመጣና ጸሐፊው ባይነገረን ሁለቱንም ቃል እንደምናስተካክል ጥርጥር የለውም አለ። «የ» እና «አ» ሲገናኙ መዋሐዳቸው የታወቀ አነጋገር ነው፣ ሁላችንም በአፋችን እንለዋለን። የሚገርመን ተጽፎ ስናየው ነው። ይህ መልስ ብዙ ሰው ወዶለታል።

21። የሁለተኛው ቁጥር የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ስለ አሠራሩ ጻፈ፣ እዚህ ላይ በደንብ ጠቀመኝ። ኢሜይሉን ጎግል ዶክስ ላይ ገልብጦ `Suggesting` የሚለውን ያበራል። ያኔ የሚነካው ሁሉ እንደ ሐሳብ ሆኖ ይቀመጣል፣ ባለቤቱ አንድ በአንድ ይቀበለዋል ወይም ይመልሰዋል። ጥያቄ ያለበትን ቃል ሳይነካ ኮመንት ያደርግበታል። እኔ ግን ጽሑፉ ላይ በቀጥታ ጽፌ ስለመለስኩለት ባልደረባዬ የት የት እንደነካሁ ማወቂያ አልነበረውም። እዚያው ላይ አቋሙንም አለዘበ። ደብዳቤው በድርጅቱ ስም የሚወጣ ከሆነ የድርጅቱን መልክ ይይዛል፣ በአንድ ሰው ስም የሚሄድ ከሆነ የሰውዬውን። መምህሩ ለዚህም የድርጅቱን መልክ ማን ወሰነው ሲል ጠየቀ። መልስ አልመጣለትም።

22። የመጨረሻው እስካሁን የእኔ ነው። ሰባቱን ለውጦች እንደገና ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ሦስቱ የሚገቡ ነበሩ፦ «መምህራን»፣ የተገጠመው «እንደሚያውቁት» እና «ይመልሱልኝ»። የመጨረሻው በእርግጠኝነት ስህተት ነበር፤ ከላይ እስከ ታች በአንቱታ መጥቶ መጨረሻ ላይ በአንተ ወርዷል። ልጁን ስጠይቀው ያቺን መስመር ለጓደኛው ከጻፈው ሌላ ኢሜይል ገልብጦ እንዳመጣት ነገረኝ። ሦስቱ ያለ ቦታቸው የገቡ ነበሩ፦ «ላኩ»፣ «ገጾች» እና «እንዲታረም»። አንዱ፣ የስብሰባው፣ መጠየቅ የነበረብኝ ነው።

ትናንት ባልደረባዬ ሌላ ኢሜይል ይዞ መጣ፣ ያው «ስህተት ካለው ብቻ» ብሎ። መጣ፣ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። በዶክስ ከፈትኩት። አንድ የተበጠሰ ቃል ገጠምኩ። «ጻፍሁ» እና «ደረስሁ» እንዳሉ ተቀመጡ። ከዚያ «ተነገ ወዲያ እንልካለን» የሚል መጣ፣ ከነገ ወዲያ ለማለት። «ከ»ን «ተ» ማለት በጎጃምም በወሎም ያለ ነው፣ ስህተት ልለው አልቻልኩም። ግን ተቀባዩ ከዚያ አካባቢ አይደሉም፣ ነገሩም የርክክብ ቀን ነው። ብዙ ቆየሁበት። አልነካሁትም፣ ኮመንት አደረግኩ፣ አንባቢው ይረዱታል ወይ ብዬ። አንብቦ ትንሽ አሰበና ራሱ «ከነገ ወዲያ» ብሎ ለወጠው፣ አጠገቡም ቀኑን ጻፈበት። «ላክሁ»ን ግን አልለውጥም አለኝ።

መድረኩ ላይ ይህን ከጻፍኩ በኋላ መምህሩ «ተ»ንም መተው ነበረባችሁ ብሎ ጽፎልኛል። ቨርጂኒያ ያለችው እህታችን ደግሞ ቀኑ መጻፉ ብቻ በቂ ነበር ትላለች። ክሩ አልተዘጋም።